ከባንክ ወደ ኤንጂኦ፦ ዘርፍ ስትቀይሩ ለሪክሩተር ራሳችሁን እንዴት እንደምታስተዋውቁ

ባንክ ሚሰሩ ልጆች በየሳምንቱ አንድ አይነት ጥያቄ ይልኩልኛል፦ "ወደ ኤንጂኦ መግባት እፈልጋለሁ፣ ኤችአሯን ሊንክድኢን ላይ አግኝቻታለሁ፣ ምን ብዬ ልጻፍላት?" ለሁሉም ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ እዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዛ በኋላ ሊንኩን ብቻ ልላክ ብዬ ነው። እኔም የባንክ መስኮት ላይ ቆይቼ ነው ወደ እርዳታ ድርጅት የገባሁት፣ አሁን ደግሞ አንዳንዴ ሾርትሊስት ሲደረግ አብሬ እቀመጣለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ነው ምጽፈው።

ምሳሌዬ ከቴለርነት ወደ ካሽ ፕሮግራም ኦፊሰርነት ነው። ካሽ ፕሮግራም ማለት ለተፈናቀለ ወይ ድርቅ ለጎዳው ቤተሰብ ስንዴና ዘይት ከማደል ፋንታ ብር በባንክ ወይ በሞባይል መክፈል ማለት ነው፣ ለባንክ ሰው ከኤንጂኦ ስራዎች ውስጥ ቅርቡ ይሄ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ኤችአሯ ፊት ምን እንዳለ እወቁ። አንድ ኤክሴል አለ። በግራ የአመልካቾች ስም፣ ከላይ ማስታወቂያው ላይ የተጻፉት መስፈርቶች፦ ዲግሪ፣ ተዛማጅ ልምድ ስንት አመት፣ ካሽ ላይ ሰርቷል ወይ፣ ፊልድ ይወጣል ወይ፣ መቼ ይጀምራል። እየተነበበ በየሳጥኑ ነጥብ ወይ ምልክት ይገባል። እናንተ "በባንክ ዘርፍ የስድስት አመት ልምድ" ብላችሁ ስትጽፉ "ተዛማጅ ልምድ" ሚለው ሳጥን ባዶ ይቀራል፣ ኤችአሯ ክፉ ሆና አይደለም፣ የቴለር ስራ ውስጡ ምን እንደሆነ ማወቅ የሷ ስራ ስላልሆነ ነው። መግቢያችሁ ማድረግ ያለበት ያንን ሳጥን መሙላት ነው፣ ሌላው ሁሉ ተከታይ ነው።

ሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ አይነት የስራ መደብ ያለባቸው ሶስት ማስታወቂያዎች (ስክሪንሾት ሳይሆን ሙሉ ጽሁፉ፣ ዴድላይኑ ያለፈም ቢሆን ችግር የለውም)
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የስራ ልምድ ደብዳቤያችሁ፣ ወይ ከሌለ የቅጥር ደብዳቤና የእድገት ደብዳቤዎቹ
- ስልክ፣ ድምጽ መቅጃና ሰዓት መቁጠሪያ ያለው
- የስራ ቦታችሁ ያልሆነ ኢሜይል

1. ከማስታወቂያዎቹ ውስጥ ግሶቹን አውጡ

ሶስቱንም ማስታወቂያ አንብቡና "ሃላፊነቶች" ሚለው ስር ያሉትን ግሶች አስምሩ። ቢያንስ ሁለቱ ላይ የተደገመውን ብቻ ያዙ። ካሽ ላይ ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ ምታገኟቸው እነዚህ ናቸው፦ ተረጂ መመዝገብና ማጣራት፣ የክፍያ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ከከፋዩ ባንክ ጋር መነጋገር፣ ክፍያውን ሪኮንሳይል ማድረግ፣ ቅሬታ መቀበል፣ ከክፍያ በኋላ ዳሰሳ መስራት።

ለምን ሶስት? አንድ ማስታወቂያ የአንድ ድርጅት ጸባይ ነው። ሁለት ሶስት ቦታ የተደገመው ግን የዘርፉ ቃል ነው፣ ኤችአሯ አይኗ ሚፈልገውም እሱን ነው።

2. የራሳችሁን ስራ ከጎኑ አስቀምጡ

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፣ በቀኝ ግሶቹን ጻፉ፣ በግራ መስኮት ላይ የምትሰሩትን። እዚህ ጋር ጊዜ ውሰዱ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ቢወስድባችሁም ይገባዋል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ቴለር ሁሌ ማታ ሂሳብ ይዘጋል፣ በእጁ ያለው ብር ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ ሾርቴጅ ወይ ኦቨሬጅ ነው፣ ስሊፕ በስሊፕ ወደኋላ ሄዶ የት ጋር እንደሳተ እስኪያገኝ ከቤቱ አይሄድም። አሁን ካሽ ኦፊሰሩን ተመልከቱ። ድርጅቱ 1,250 አባወራ ዝርዝር ለባንኩ ላከ እንበል፣ ባንኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ 1,198 ተከፍሏል ብሎ ሪፖርት መለሰ። 52ቱ የት ሄዱ? አንዱ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አልገጠመም፣ አንዷ መታወቂያዋ ጠፍቷል፣ ሌላው ቦታ ቀይሯል፣ ሌላው በስህተት ሁለቴ ተመዝግቦ ኖሮ ባንኩ አንዱን ዘሎታል። ይሄን አንድ በአንድ መለየት ሪኮንሲሊየሽን ይባላል። ቴለሩ ማታ ሚሰራው ነገር ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የጨመረ።

እንዲያውም ቴለሩ አንድ ነገር ይበልጣል። ኤንጂኦ ውስጥ ያደገ ሰው "ባንኩ ለምን አልከፈለም" ብሎ ይናደዳል፣ እናንተ ግን መስኮቱ ጋር የተቀመጠችው ልጅ ስሙ በአንድ ፊደል ስለተለየ ለመክፈል እንደምትፈራ ታውቃላችሁ፣ ምክንያቱም ብትሳሳት ከደመወዟ ነው ሚቆረጠው። ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት ስሞቹን ከመታወቂያ ጋር ማመሳከር እንዳለበት ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ክፍለሀገር ቅርንጫፍ የሰራችሁ ደግሞ አስታውሱ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ በቅርንጫፋችሁ በኩል አልፎ ያውቃል? ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ለተጠቃሚዎቹ አካውንት ከፍታችሁ ወይ ከፍላችሁ ከሆነ የተረጂ ክፍያ ላይ ሰርታችኋል፣ ሳጥኑ ሞላ። ብዙ ሰው ይሄን ሲቪው ላይ እንኳን አይጽፈውም!

ማስጠንቀቂያ፦ የስራ መደባችሁን ስም አትቀይሩ። ቴለር ነበርኩ ካላችሁ ቴለር ነው፣ "የካሽ ኦፊሰር" ብላችሁ ብትጽፉ የስራ ልምድ ደብዳቤው ያጋልጣችኋል። ሚቀየረው የስራው መግለጫ ነው፣ የመደቡ ስም አይነካም።

3. መግቢያውን በአራት አረፍተ ነገር ጻፉ

ከወረቀቱ ላይ በጣም የሚገጥሙትን ሁለት ጥንዶች ብቻ ምረጡ፣ አምስት ካስገባችሁ ኤችአሯ አንዱንም አትይዘውም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ) የትኛውን መደብ እንዳመለከታችሁ፣ ከነማስታወቂያው ቁጥር።
ለ) አሁን ምን እንደሆናችሁና ሁለቱ ጥንዶች፣ በነሱ ቃል።
ሐ) የጎደላችሁ አንድ ነገር፣ እና እሱን ለመሙላት ምን እንዳደረጋችሁ።
መ) ፊልድ፣ መጀመሪያ ቀን፣ እና መቼ ስልክ እንደምታነሱ።

የቀድሞ ባልደረባዬ መጀመሪያ የጻፈችው ይሄን ነበር፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ትጉህና በቡድን መስራት የምችል የባንክ ባለሙያ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ህብረተሰቤን ማገልገል ህልሜ ነበር። አዲስ ነገር ለመማር ፈቃደኛ ስለሆንኩ ክፍት የስራ ቦታ ካላችሁ እንድትረዱኝ በትህትና እጠይቃለሁ።"

ከዚህ ውስጥ ኤክሴሉ ላይ ሊገባ ሚችል ነገር ፈልጉ። የለም። "እንድትረዱኝ" ሚለው ደግሞ ጎጂ ነው፣ ኤንጂኦ ውስጥ ኤችአር ለአንድ አመልካች ማድላት ስለማትችል እርዳታ ከተጠየቀች ዝም ማለት ነው ሚቀላት። ከዛ አብረን ተቀምጠን እንዲህ አደረግነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለካሽ ፕሮግራም ኦፊሰር መደብ (ቁጥሩ እዚህ) በኦንላይን አመልክቻለሁ። ላለፉት ስድስት አመታት በባንክ ቴለርነት በቀን ከ80 እስከ 100 ደንበኛ ማንነት እያጣራሁ ስከፍል ቆይቻለሁ፣ በየቀኑ ሂሳብ ሪኮንሳይል አደርጋለሁ፣ ከዚህም ውስጥ ሁለት አመት የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ክፍያ ሰርቻለሁ። በኤንጂኦ ውስጥ ተቀጥሬ አልሰራሁም፣ በካሽ ድጋፍ ላይ የኦንላይን ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ሰርተፊኬቱ ከማመልከቻው ጋር አለ። ሰመራ ተመድቤ መስራት እችላለሁ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ እጀምራለሁ፣ በስልክ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ባለው የምሳ ሰዓት ወይም ከ11፡30 በኋላ እገኛለሁ።"

ሁለተኛውን እያነበባችሁ ሳጥኖቹን ሙሉ፣ ከዲግሪው በቀር ሁሉም ይሞላል። "ተቀጥሬ አልሰራሁም" ሚለውን ስትጽፍ ፈርታ ነበር፣ "ራሴን ላጋልጥ?" ብላኝ። ግን ኤችአሯ ሲቪውን ስትከፍት በ10 ሰከንድ ታየዋለች፣ ቀድማችሁ ካላችሁት ግን መልሱን አብራችሁ ሰጣችኋት።

መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው ሚላከው፣ ይዘቱ እንዲገባችሁ ብዬ ነው በአማርኛ ያስቀመጥኩት። ሲተረጎም ግን ሁለት ወጥመድ አለ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋር ይወድቃል።

አንደኛው ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ መልእክት ላይ 6:30 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኤችአሯ ማለዳ 12፡30 ሰዓት ወይ ማታ 12፡30 ሰዓት ነው ብላ ነው ምትረዳው። የምሳ ሰዓቱ 12:30 PM መሆን አለበት። ሁለተኛው አመተ ምህረት ነው፣ የስራ ልምድ ደብዳቤያችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ መስከረም 2011 የገባ ሰው እንግሊዝኛ ሲቪው ላይ ሴፕቴምበር 2018 ነው መጻፍ ያለበት። 2011 ብሎ ካስቀመጠው ኤችአሯ ሰባት አመት ጨምራ ትቆጥራለች፣ በኋላ ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ ውሸታም ይመስላል። አሁን ያላችሁበትን አመትም ሳትቀይሩ እንዳትተዉ።

4. መጀመሪያ አመልክቱ፣ ከዛ ጻፉ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። በማስታወቂያው ላይ ባለው መንገድ (ሊንክም ይሁን ኢሜይል) አመልክታችሁ ስትጨርሱ፣ በዛው ወይ በነጋታው ነው መልእክቱ ሚላከው። ምክንያቱም ኤችአሯ መልእክታችሁን ወዳ ስማችሁን ሲስተሙ ላይ ስትፈልግ ከሌለ ማድረግ ምትችለው ነገር የለም፣ "በሊንኩ አመልክቺ" ብላ መመለስ ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አትመልስም።

የዴድላይኑ እለት ማታ አትላኩ። እሷ በዛን ሰዓት የገባውን ማመልከቻ እየለቀመች ነው።

ሊንክድኢን ላይ ኮኔክት ስትሉ አብሮ ሚላከው ማስታወሻ አጭር ነገር ብቻ ነው ሚቀበለው፣ ስለዚህ አራቱን አረፍተ ነገር አታስገቡበት፣ "ሀ"ን እና ከ"ለ" ውስጥ አንዱን ጥንድ ብቻ ጻፉ። ሙሉው ለኢሜይሉ ነው። ከስማችሁ ስር ያለችውን መስመርም አብራችሁ አስተካክሉ፣ "የባንክ ሰራተኛ" ብቻ ከሆነ "ቴለር | የደንበኛ ማጣራት፣ ሪኮንሲሊየሽን፣ የሴፍቲኔት ክፍያ" አድርጉት። ኤችአሯ መልእክቱን ከማንበቧ በፊት ያችን መስመር ነው ምታየው።

5. ስትደውል

ኤንጂኦ ቢሮ ሚደውለው በስራ ሰዓት ነው፣ በዛ ሰዓት እናንተ መስኮት ላይ ናችሁ፣ ስልክ ደግሞ ማንሳት አይፈቀድም። የምትገኙበትን ሰዓት የጻፋችሁት ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ባልሆነ ሰዓት ከደወለች ወረፋ እየጠበቀ ያለ ደንበኛ ፊት አታውሩ፣ ወደ 40 ሰከንድ ሚሆነውን መግቢያችሁን እያንሾካሾካችሁ ማለት አትችሉም። ባልደረባዬ እንዲህ ነው ያደረገችው፦

"ሄሎ፣ ከ... ድርጅት ኤችአር ነው፣ ስላመለከትሽው መደብ ነበር፣ ማውራት ትችያለሽ?"
"ጤና ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስለደወሉ። አሁን መስኮት ላይ ነኝ፣ 6፡30 ላይ እኔ ልደውልልዎት?"
"እሺ ችግር የለም።"

ልክ 6፡30 ላይ ደወለች። "እስኪ ስለራስሽ ንገሪኝ" ስትባል ከተወለደችበት ቀበሌ አልጀመረችም፣ ለ እና ሐን ነው የተናገረችው፣ ቃል በቃል ሳይሆን ተረጋግታ። ከዛ አቆመች። ማቆሙ ከባድ ነው፣ ዝምታው ስለሚያስጨንቅ ሰው የማያስፈልግ ነገር ይጨምራል።

ከመደወሉ በፊት ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ስሙት። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ቁረጡ። የባንክ አማርኛ ("ሲቢኤስ ላይ ፖስት አድርጌ ቫውቸሩን...") ከሰማችሁበት አውጡት፣ ካሽ ፕሮግራም ላይ ቫውቸር ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ለተረጂው ሚሰጥ ኩፖን ነው፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ስለሚለያይ ያደናግራል።

ከመግቢያው በኋላ ሶስት ጥያቄ ይመጣል።

*"ከባንክ ለምን ትወጫለሽ?"* እዚህ ጋር የቅርንጫፍ ስራ አስኪያጁን ማማት የለም። ኤችአሯ በርግጥ ለማወቅ የፈለገችው ሌላ ነው፣ የኤንጂኦ ኮንትራት ብዙ ጊዜ የፕሮጀክት ነው፣ በአመት ሊያልቅ ይችላል፣ ባንኩ ደግሞ ቋሚ ነው፣ "ይሄ ገብቷት ነው ወይ ሚሆነው?" ነው ጥያቄዋ። "ኮንትራቱ የፕሮጀክት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አስቤበት ነው ያመለከትኩት፣ ክፍያውን ከመስኮቱ ወገን ስሰራ ስለቆየሁ ከዝርዝሩ ወገን መስራት እፈልጋለሁ" ብላ መለሰች። ይበቃል።

*"መቼ ትጀምሪያለሽ?"* በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው ሚለቀው። "ነገ" ካላችሁ ወይ አታውቁም ወይ ጥላችሁ ምትሄዱ ሰው ናችሁ ማለት ነው፣ ሁለቱም አያምርም። ክሊራንስም ቀን እንደሚወስድ ቁጠሩ።

*"ስንት ትጠብቂያለሽ?"* ያልተጣራውን ነው ወይ የተጣራውን ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዛ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ በሉ።

6. አንዴ ብቻ ተከታተሉ

ዴድላይኑ ካለፈ ከአስር ቀን በኋላ ሁለት መስመር፣ በዛው ኢሜይል ላይ ሪፕላይ አድርጋችሁ፣ አዲስ አትክፈቱ፣ የመጀመሪያው መግቢያ ከስር እንዲታይ። ካልመለሰች ተዉት። ማስታወቂያው ላይ ብዙ ጊዜ "የተመረጡትን ብቻ ነው ምናነጋግረው" ተብሎ ይጻፋል፣ የምር ነው።

ከተመለሰላችሁና "አልተመረጥሽም" ከተባለ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፦ "ከመስፈርቶቹ የትኛው ላይ ነው የጎደልኩት?" አንዳንዷ ትናገራለች፣ እሱን ሐ ላይ አስገቡት ለቀጣዩ።

ደጋግሜ ማያቸው ስህተቶች

መልእክቱን ኮፒ አድርጎ ለአምስት ድርጅት መላክ፣ ከዛ የአንዱን ድርጅት ስም ሳይቀይሩ መተው። አይቻለሁ፣ ሳቅን፣ ግን ሰውየውን ሳንመርጠው አለፍነው።

በቀን ስንት ብር እንደምትይዙ፣ ቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ ስንት እንደሚያድር መጻፍ። ትልቅ ሃላፊነት እንደነበራችሁ ለማሳየት ነው፣ ይገባኛል፣ ግን የባንኩን ሚስጥር ለማያውቀው ሰው ያወጣ ሰው የተረጂ ዝርዝሩንስ ምን ያደርገዋል ያስብላል። የደንበኛ ብዛት በቂ ነው።

አለቃን ሳይነግሩ ሪፈረንስ ላይ ማስገባት። ኤንጂኦ ይደውላል። ገና ካላሳወቃችሁ የቀድሞ አለቃ ወይ የሌላ ቅርንጫፍ ሱፐርቫይዘር፣ እሱንም አስፈቅዳችሁ።

ለ"ማስገቢያ" ብር መክፈል። ቴሌግራም ላይ ኤችአር ነኝ ብሎ ለምዝገባ ወይ ለስልጠና ክፈሉ ሚላችሁ ሰው ኤችአር አይደለም፣ የትኛውም ደህና ድርጅት በየትኛውም ደረጃ ከአመልካች አይቀበልም። ኢሜይሉ ከድርጅቱ ዶሜይን መሆኑን እዩ።

አንድ የቀረ፣ መግቢያው ላይ ማይጻፍ ግን ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፦ በሰራተኛ ወለድ የወሰዳችሁት የቤት ወይ የመኪና ብድር ካለ፣ ስትለቁ ወለዱ ወደ መደበኛው ሊቀየር ወይ ቀሪውን ክፈሉ ልትባሉ ትችላላችሁ። የብድር ውላችሁን አውጡና አንብቡት፣ የወሩ ክፍያ ስንት እንደሚሆን አስሉት፣ ከዛ ነው "ስንት ትጠብቂያለሽ" ሚለውን መመለስ ምትችሉት። ባልደረባዬ ይሄን ያየችው ኦፈር ከመጣላት በኋላ ነው፣ የጠየቀችው ደመወዝ የብድሩን ልዩነት አልሸፈነም፣ እንደገና ልደራደር ስትል ደግሞ ስኬሉ ተዘግቷል ተባለች።